h²/2L እስከ ስንት ተዳፋት ድረስ ይታመናል? የቴይለር ፖሊኖሚያል እና የስህተቱ ጣሪያ

መርሳ_ሲቪል

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ሥር ባለ ዳገት በ30 ሜትር ቴፕ እየለካን ነው። ቴፑ በተዳፋቱ ላይ ይዘረጋል፣ የሁለቱ ጫፎች የከፍታ ልዩነት በሌቭል ይነበባል። ከዚያ በኋላ አግድም ርቀቱን ለማግኘት የተሰጠን ቀመር ይህ ነው፦

C = h²/2L

L የቴፑ ርዝመት ነው፣ h የከፍታው ልዩነት። C ከL ላይ ሲቀነስ አግድም ርቀቱ ይወጣል። ፒታጎራስ ግን √(L²−h²) ነው የሚለው። ሁለቱን ሳስተያይ h = 3 ሜትር ሲሆን ልዩነታቸው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፤ 12 ሜትር ላይ ግን ከ10 ሴንቲሜትር አለፈ። የሚፈቀድልን በአንድ ቴፕ 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ቀመሩ ከየት መጣ? ደግሞስ ትክክለኛውን መልስ ሳላሰላ፣ ስህተቱ ከ1 ሚሊሜትር እንደማያልፍ አስቀድሜ በምን ልወቅ?

---

ሐረጎ_ቀያሽ

ወንድምዓለም፣ ካልኩሌተርህ ላይ √ የለም እንዴ? ተጫነውና ገላገል። ይህ ቀመር ሰው ሥሩን በእጁ ያሰላ በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው።

---

የቦርከና_ልጅ

ጥያቄው ስለ ስህተቱ ጣሪያ ነው እንጂ ስለ ካልኩሌተር አይደለም። መልሱ ቴይለር ነው።

u = h²/L² በል። አግድም ርቀቱ L·√(1−u) ይሆናል። √(1−u)ን u = 0 አጠገብ ስትዘረጋው

√(1−u) = 1 − u/2 − u²/8 − u³/16 − …

ይወጣል። ሁለተኛው ተርም ላይ ቆመህ በL ስታባዛው L − h²/2L አገኘህ፤ ያንተ ቀመር ማለት ነው። ስህተቱን ለማወቅ ደግሞ የጣልከውን የመጀመሪያ ተርም ተመልከት። እዚህ ላይ የተጣለው L·u²/8 ነው፣ ማለትም h⁴/8L³። 3 ሜትር ላይ 81/216000 = 0.000375 ሜትር፣ ማለትም 0.375 ሚሊሜትር። ስህተቱ ከዚያ አይበልጥም። አብሽር፣ 1 ሚሊሜትርህ ውስጥ ነህ።

---

መርሳ_ሲቪል

አላህ ይስጥህ። ግን በካልኩሌተር ሳየው √891 = 29.849623 ነው። C = 0.150377 መሆን ነበረበት፣ ቀመሩ የሰጠኝ ደግሞ 0.150000 ነው። ስህተቱ 0.377 ሚሊሜትር ሆነ እኮ፤ 0.375ን አለፈ። የማጠጋጋት ነገር ይሆን?

---

የቦርከና_ልጅ

አዎ፣ ማጠጋጋት ነው የሚሆነው። ከሦስተኛው አሃዝ በኋላ ምን ያደርግልሃል?

---

ጦሳ_ሥር

ማጠጋጋት አይደለም። ልጁ ጥሩ ነገር ነው ያየው፣ እንዲህ በዋዛ አትለፉት።

ያንኑ ስሌት 12 ሜትር ላይ አድርጉት። የተጣለው የመጀመሪያ ተርም 20736/216000 = 0.096 ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ስህተት ግን፣ √756 = 27.495454 ስለሆነ፣ 0.1045 ሜትር ነው። «ጣሪያ» የተባለው ቁጥር ከስህተቱ በ8 ሚሊሜትር ተኩል ዝቅ አለ። ከሰው ቁመት በታች የተሠራ ጣሪያ ጣሪያ አይባልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። «የተጣለው የመጀመሪያ ተርም ጣሪያ ነው» የሚለው ደንብ የሚሠራው የተርሞቹ ምልክት አንዴ ተደማሪ አንዴ ተቀናሽ እየሆነ ሲቀያየር፣ መጠናቸውም እያነሰ ሲሄድ ነው። ያኔ ቀጣዩ ተርም የቀደመውን በከፊል ያጠፋዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የተጣለውን አያልፍም። √(1−u) ላይ ግን ከ1 በኋላ ያሉት ተርሞች ሁሉ ተቀናሽ ናቸው። −u²/8 ስትጥል −u³/16ንም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም ሁሉ አብረህ ጥለሃል፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የሚገፉት። ስለዚህ የመጀመሪያው ተርም ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስህተት ያንሳል። ወለል ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም።

ነገሩ ተገልብጦ አግድሙን ለክታችሁ የተዳፋቱን ርዝመት ብትፈልጉ ኖሮ √(1+u) ይሆን ነበር። እዚያ ምልክቱ ይቀያየራል፣ የቦርከና ልጅም ትክክል በሆነ ነበር።

---

የቦርከና_ልጅ

ተቀብያለሁ ጋሼ። የተማርነው ln(1+x) ላይ ስለነበር ለሁሉም የሚሆን መስሎኝ ነው። እና ጣሪያው እንዴት ይሠራል?

---

ጦሳ_ሥር

በላግራንጅ መልክ። መጀመሪያ ዴሪቬቲቮቹን በትክክል አውጡ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፣ ከቅንፍ ውስጥ ያለችው ተቀናሽ u ትረሳለችና።

f(u) = (1−u)^(1/2)
f′(u) = −(1/2)(1−u)^(−1/2)
f″(u) = −(1/4)(1−u)^(−3/2)
f‴(u) = −(3/8)(1−u)^(−5/2)

u = 0 ላይ ዋጋቸው 1፣ −1/2፣ −1/4፣ −3/8 ነው። የf″ን ዋጋ ለ2፣ የf‴ን ለ6 ስታካፍሉ የላይኛው ዝርዝር ይወጣል።

አሁን 1 − u/2 ላይ ከቆማችሁ የቀረው ሁሉ በአንድ ሐረግ ይጠቃለላል፦

R₁ = f″(c)/2 · u² = −(1/8)(1−c)^(−3/2) · u²

c በ0 እና በu መካከል ያለ አንድ ቁጥር ነው። የት እንደሆነ አናውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገንም። ብዙ ተማሪ ወይ cን ለመፈለግ ይደክማል፣ ወይ ዝም ብሎ c = 0 ያደርገዋል። c = 0 ማድረግ ማለት ደግሞ ቀደም ብሎ እንደ ጣሪያ የቀረበውን u²/8 መልሶ ማምጣት ነው። መጠየቅ ያለበት «c የትም ቢቀመጥ ይህ ሐረግ ቢበዛ ስንት ይደርሳል?» ተብሎ ነው።

(1−c)^(−3/2)ን ተመልከቱት። c ሲያድግ 1−c ያንሳል፣ ሐረጉ ግን ያድጋል። ስለዚህ ትንሹ ዋጋ c = 0 ላይ ነው፣ ትልቁ c = u ላይ። እንግዲህ ስህተቱ በሁለት ግድግዳ መካከል ተያዘ፦

h⁴/8L³ ≤ ስህተት ≤ h⁴/8L³ · (1−u)^(−3/2)

3 ሜትር ላይ u = 0.01 ነው፣ 0.99^(−3/2) ደግሞ 1.0152። ስለዚህ ስህተቱ በ0.375 እና በ0.381 ሚሊሜትር መካከል ነው። መርሳ ያገኘው 0.377 መሐላቸው ገብቷል። ሥሩን ሳንጫን የተገኘ ነው ይህ።

---

ሀይቅ_ዳር

እኛ ጋ ደግሞ ሌቭል የለም፣ አንግሉን በክሊኖሜትር ነው የምናነበው። L·cos θ ነው የምንጠቀመው። cosን በ1 − θ²/2 ለመተካት 6 ዲግሪ ላይ ሞክሬ 1 − 18 = −17 ወጣ። አግድም ርቀቱ ተቀናሽ 510 ሜትር ሆነ። ይህ ቴይለር የሚሠራው ለሥር ብቻ ነው እንዴ?

---

የቦርከና_ልጅ

ሀይቅ ዳር፣ ሐይቁን ተሻግረህ ሄደሃል። θ በራዲያን መግባት አለበት። 6 ዲግሪ 0.10472 ራዲያን ነው። θ²/2 = 0.005483፣ በ30 ሲባዛ 16.45 ሴንቲሜትር ይቀነሳል። የcos ዴሪቬቲቭ −sin የሚሆነው በራዲያን ሲለካ ብቻ ነው፤ በዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ ዴሪቬቲቭ ሲወሰድ በπ/180 ይባዛል።

ጣሪያውን እኔ ልሞክር፣ ጋሼ ያርሙኛል። ዲግሪ 2 ላይ ስለቆምን ሦስተኛው ዴሪቬቲቭ sin ነው፣ ከ1 አይበልጥም። ስለዚህ ጣሪያው θ³/6 ነው፤ በ30 ሲባዛ 5.7 ሚሊሜትር። ከ1 ሚሊሜትር ስላለፈ አይሆንም ማለት ነው።

---

ጦሳ_ሥር

ጣሪያህ እውነት ነው፣ ድምዳሜህ ግን አይደለም። ልቅ ጣሪያ ነው የሠራኸው።

የcos የሦስተኛ ዲግሪ ተርም ዜሮ ነው። ስለዚህ 1 − θ²/2 የሁለተኛ ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የሦስተኛ ዲግሪም ፖሊኖሚያል ነው። ቀሪውን ከአራተኛው ዴሪቬቲቭ ውሰደው፤ እሱም cos ነው፣ ከ1 አይበልጥም። ጣሪያው θ⁴/24 ይሆናል፤ በ30 ሲባዛ 0.15 ሚሊሜትር። ፖሊኖሚያሉ ያው ነው፣ ስህተቱም ያው ነው፣ የተቀየረው እኛ ስለስህተቱ የምናውቀው ብቻ ነው። 5.7 ሚሊሜትር ያለው ጣሪያ መልካሙን ቀመር አስጥሎህ ነበር።

ስለዚህ ጣሪያ ከስህተቱ በጣም ከራቀ፣ ቀመሩን ከመጣልህ በፊት ቀጣዩ ተርም ዜሮ መሆን አለመሆኑን እይ።

---

ኮምቦልቻ_ኤክሴል

ይህን ሁሉ ከምትደክሙ 20 ያህል የh እና የC ነጥቦችን ኤክሴል ላይ አስገብታችሁ Trendline ውስጥ Polynomial ምረጡ። R² 0.9999 ይሰጣችኋል። እሱ ራሱ ስህተቱን ይነግራችሁ የለ?

---

ጦሳ_ሥር

እሱ ሌላ ነገር ነው። ትሬንድላይን በነጥቦቹ መካከል አማካይ መንገድ ይፈልጋል፤ ቴይለር ደግሞ በአንድ ነጥብ ላይ ያለውን ዋጋና ዴሪቬቲቭ ይዞ ይነሳል። R² ነጥቦቹ ምን ያህል ወደ መስመሩ እንደቀረቡ በአጠቃላይ ይናገራል እንጂ በአንዱ ቴፕ ላይ ያለው ስህተት ከ1 ሚሊሜትር እንደማያልፍ አይናገርም። የC መጠን እስከ 2 ሜትር ተኩል በሚደርስበት ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ብትስት R² ቅር አይለውም።

---

ኮምቦልቻ_ኤክሴል

እሺ፣ ግን ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ትልቁን ልዩነት በMAX ባወጣውስ?

---

ጦሳ_ሥር

ነጥቦቹ ላይ ያለውን ታውቃለህ፣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን አታውቅም። ለዚህ ለስላሳ ፈንክሽን ጥቅጥቅ አድርገህ ካስገባህ በተግባር ይበቃ ይሆናል፣ አልከራከርም። ማረጋገጫ ግን አይደለም።

---

መርሳ_ሲቪል

አሁን ገባኝ መሰለኝ። ኮድ ጻፍኩና ሁለቱን ግድግዳዎች ከእውነተኛው ስህተት ጋር አስተያየሁ፦

```python
from math import sqrt
L = 30.0
for h in (3, 6, 12):
    u = (h/L)**2
    err = L*(1 - sqrt(1-u)) - L*u/2
    low = L*u**2/8
    high = low*(1-u)**-1.5
    print(h, round(low,6), round(err,6), round(high,6))
```

የወጣው፦

```
3 0.000375 0.000377 0.000381
6 0.006 0.006123 0.006379
12 0.096 0.104546 0.124696
```

6 ሜትር ላይ እንኳ 6 ሚሊሜትር አልፏል። ታዲያ h²/2L እስከ ስንት ሜትር ይዤው ልሂድ? ደግሞ ከ6 ሜትር በላይ የሆነ ቴፕ ብዙ አለን።

---

ጦሳ_ሥር

ጥያቄውን ገልብጠው፦ ጣሪያውን ከ0.001 ጋር አስተካክለህ hን ፈልግ። መጀመሪያ (1−u)^(−3/2)ን እርሳው። h⁴ = 0.001 × 216000 = 216 ይሆናል፣ h ደግሞ ወደ 3.83። ግን የረሳኸው ተባዢ ከ1 ስለሚበልጥ ይህ ትንሽ በዝቷል። ወደ 3.8 ዝቅ አድርገህ ሙሉውን ጣሪያ አስላ፤ 0.99 ሚሊሜትር ይመጣል። ስለዚህ h²/2L በ30 ሜትር ቴፕ እስከ 3.8 ሜትር ድረስ ነው የሚያዝልህ፣ ወደ 12.7 በመቶ ተዳፋት መሆኑ ነው።

ከዚያ በላይ አንድ ተርም ጨምር፦

C = h²/2L + h⁴/8L³

የዚህ ቀሪ ከሦስተኛው ዴሪቬቲቭ ይወጣል፤ −3/8 ለ6 ሲካፈል −1/16 ነው። ጣሪያው h⁶/16L⁵ · (1−u)^(−5/2)። 6 ሜትር ላይ 0.13 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ እውነተኛው ስህተት 0.123 ነው። ይህኛው እስከ 8.2 ሜትር ድረስ በ1 ሚሊሜትር ውስጥ ይቆያል። 8.3 ላይ ጣሪያው ጥቂት ያልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። እነዚህ ስህተቶች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ናቸው፤ C ሁልጊዜ ያንሳል፣ አግድሙ ሁልጊዜ ይረዝማል። 6 ሜትር የሚወጣ ቴፕ መቶ ጊዜ ብትዘረጋ፣ በh²/2L ብቻ 61 ሴንቲሜትር ትስታለህ። አንዱ ሌላውን አያካክሰውም። የንባብ ስህተት ግን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሆነ እንዲህ አይከመርም። በአንድ ቴፕ የሚፈቀደውን ስታወራ በመስመሩ ስንት ቴፕ እንዳለ አብረህ ቁጠር።

---

ሐረጎ_ቀያሽ

ጋሽ ጦሳ፣ ያወሩት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የመስክ ሰው ሌላም ያያል። hን ራሱን በስንት ነው የምታነቡት? C በh ስትነካካው በh/L እጥፍ ይንቀሳቀሳል። 6 ሜትር ላይ h/L 0.2 ነው። ስታፉ ዘንበል ብሎ hን በ1 ሴንቲሜትር ብትስት C በ2 ሚሊሜትር ይስታል። ሁለተኛው ተርም ያስገኘልህን የ0.13 ሚሊሜትር ጥራት ንፋስ ወሰደው። 12 ሜትር ላይ ደግሞ ያው 1 ሴንቲሜትር 4 ሚሊሜትር ይሆናል፣ በትክክለኛው ሥር ካሰላኸው ግን ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ሦስተኛና አራተኛ ተርም መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

ደግሞ ስህተቱ ወዴት እንደሆነ ለማወቅ ዴሪቬቲቭ አያስፈልግም። D አግድሙ ይሁን። L² − D² = h² ነው፤ ስለዚህ

C = L − D = h²/(L + D)

D ከL ስለሚያንስ ታችኛው ከ2L ያንሳል፣ C ደግሞ ከh²/2L ይበልጣል። በሁለት መስመር አለቀ።

---

ጦሳ_ሥር

ይህ እውነት የሚያምር ነው። አቅጣጫውን ያለ አንዳች ዴሪቬቲቭ አገኘኸው። መጠኑን ግን አይነግርህም።

በንባቡ ስህተት ላይም እስማማለሁ፣ ድምዳሜው ላይ ግን አይደለም። የንባብ ስህተት ሊቀነስ ይችላል፤ ስታፉን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። የቀመሩ ስህተት ግን ስታፉን ምንም ብትይዝ አይነካም። ሁለቱን ለየብቻ ካላወቅኸው መስመሩ ሳይዘጋ ሲቀር ጥፋቱን ሰውየው ላይ ትጥላለህ።

---

ሐረጎ_ቀያሽ

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰውየው ነው እኮ።

---

መርሳ_ሲቪል

አንድ ክፍል ላይ ደግሞ ገደሉ ላይ ስለምንወጣ h ሁሉም ከ11 እስከ 13 ሜትር ነው። እዚያ ሦስት አራት ተርም ከመጨመር ሌላ መንገድ የለም?

---

ጦሳ_ሥር

አለ፣ ማዕከሉን አንሳው። ፖሊኖሚያሉ የሚታመነው ማዕከሉ አጠገብ ነው፤ ሥራህ ሁሉ u = 0.16 አካባቢ ከሆነ ለምን 0 ላይ ተቀምጠህ ትዘረጋለህ? h = 12 ማዕከል ይሁን። f(0.16) = 0.916515፣ f′(0.16) = −0.545545። እንግዲህ

D ≈ 30 · [0.916515 − 0.545545·(u − 0.16)]

h = 13 ሲሆን u = 0.187778፣ ከማዕከሉ ያለው ርቀት 0.027778 ነው። በቀሪው ውስጥ u² የነበረው አሁን (u − 0.16)² ሆነ፤ 0.00077 ገደማ። c በ0.16 እና በ0.187778 መካከል ስለሆነ ክፉው ጫፍ 0.187778 ነው። ጣሪያው 3.95 ሚሊሜትር ይወጣል። √731ን ተጭነህ ብታረጋግጥ እውነተኛው ስህተት 3.8 ነው። በዜሮ ዙሪያ የተሠራው ያው ቀጥታ መስመር እዚያ ቦታ ላይ 14.6 ሴንቲሜትር ይስታል።

4 ሚሊሜትር ለአንተ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። የሁለተኛ ዲግሪውን በዚሁ ማዕከል ጨምረህ ጣሪያውን በf‴ ሥራው። ራስህ አድርገው፣ 1 ሚሊሜትር ውስጥ በሰፊው ትገባለህ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፦ h ከማዕከሉ በታች ሲሆን፣ ለምሳሌ 11፣ ክፉው c ማዕከሉ ራሱ እንጂ u አይደለም። «ሁልጊዜ c = u አድርግ» ብሎ የሸመደደ እዚያ ላይ ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ ይሠራዋል።

---

የቦርከና_ልጅ

u ወደ 1 ሲጠጋስ? ማለትም ቴፑ ቀጥ ብሎ ሲቆም። (1−u)^(−3/2) ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል፣ ጣሪያው ሰማይ ሆነ። ግን 1 − u/2 እዚያ 0.5 ነው፣ ትክክለኛው ደግሞ 0፤ ስህተቱ 0.5 ብቻ። ጣሪያው ለምን አበደ?

---

ጦሳ_ሥር

ላግራንጅ ሁሉንም ክብደት በአንድ c ላይ ስለሚጭን ነው፤ እኛም ክፉውን c ስንመርጥ f″ የሚፈነዳበትን ነጥብ መረጥን። የቀሪውን የኢንቴግራል መልክ ብትወስድ

R₁ = ∫₀ᵘ (u−t) f″(t) dt

(u−t) ያለው ሚዛን t ወደ u ሲጠጋ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ፍንዳታውን ያበርደዋል። u = 1 ላይ −(1/4)∫₀¹ (1−t)^(−1/2) dt ይሆናል፤ ይህም በትክክል −1/2 ነው። ያንተው 0.5።

ከ1 ባሻገር ግን ምንም መልክ አያድንህም። h ከL ይበልጣል ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ ቴፕ ደግሞ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ አይሸጥም።

---

ሐረጎ_ቀያሽ

አንድ ነገር ልጨምርና ቡናዬን ልጠጣ። ቅድም በጻፍኩት C = h²/(L + D) ውስጥ Dን በዚያው ባልተጣራው L − h²/2L ብትተኩትስ? 6 ሜትር ላይ D ≈ 29.4፣ C = 36/59.4 = 0.606061። ትክክለኛው 0.606123 ነው፤ ስህተቱ 0.06 ሚሊሜትር። የእናንተ ባለሁለት ተርም 0.606 ሰጥቶ በ0.12 ሳተ። 12 ሜትር ላይ የእኔ 144/57.6 = 2.5፣ 4.5 ሚሊሜትር ይስታል፤ የእናንተ 2.496፣ 8.5 ይስታል። ሥር ሳልጫን፣ አንዲት ማካፈል ብቻ ጨምሬ ስህተቱን በግማሽ ቀነስኩት። አሁን ለዚህኛው ጣሪያ ሥሩልኝ፣ ቴይለራችሁ ይችል እንደሆነ።

---

የቦርከና_ልጅ

ኧረ ጋሼ ሐረጎ! ይህ ፖሊኖሚያል አይደለም፣ ክፍልፋይ ነው። ግን ይዘረጋል። በL ብናካፍለው u/2 ÷ (1 − u/4) ይሆናል፤ ማለትም

u/2 + u²/8 + u³/32 + …

እውነተኛው u/2 + u²/8 + u³/16 + … ነበር። እስከ ሁለተኛው ተርም አንድ ናቸው፣ ሦስተኛው ላይ የእርስዎ ግማሹን ይይዛል። ስህተቱ በግማሽ ገደማ የቀነሰው ለዚህ ነው።

ጣሪያውም ከዚህ ይመጣል መሰለኝ፦ የእርስዎ ተርሞች ሁሉ ተደማሪ ናቸው፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከእውነተኛው ያንሳሉ። ስለዚህ የእርስዎ C ከባለሁለት ተርሙ ይበልጣል፣ ከእውነተኛው ግን ያንሳል። መሐላቸው ስለሆነ የባለሁለት ተርሙ ጣሪያ ለእርስዎም ይሠራል፤ 6 ሜትር ላይ 0.13 ሚሊሜትር። ጋሽ ጦሳ፣ ይህ ልክ ነው?

---

ጦሳ_ሥር

ልክ ነው፣ አሁን ጎበዝክ። ግን በእጥፍ የላላ ጣሪያ ነው፣ የcosን ነገር አስታውስ። ጠበቅ ያለውን ለማግኘት የሁለቱን ልዩነት ከu³/32 ጀምረህ መሰብሰብ አለብህ፣ ከዚያ የቀረውን ጅራት በምን እንደምትይዘው ማየት ነው። እኔ አልሠራሁትም።

---

መርሳ_ሲቪል

ጅራቱን በጂኦሜትሪክ ድምር፣ እያንዳንዱን ተርም ከቀዳሚው u እጥፍ በማይበልጥ ብይዘው ያስኬዳል? ከሆነ 6 ሜትር ላይ u = 0.04 ስለሆነ የሚጨመረው ከ4 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ግን የልዩነቱ ተርሞች በእርግጥ እንዲህ እያነሱ ይሄዱ እንደሆነ ገና አላጣራሁም፤ አራተኛው ላይ 5/128 − 1/128 = 1/32 አገኘሁ፣ ከሦስተኛው ጋር እኩል ነው።